የሐዘን ፈቃድ፦ ሦስቱ ቀን የማን ናቸው?

ጓደኛዬ መርዶውን የሰማችው አርብ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። እንደ ልማዳችን ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ በሯን አንኳኳ። እናቷ ሐሙስ ማታ ደሴ ላይ አርፈዋል። ነጋ አልነጋ ብላ በተገኘው መኪና ከአዲስ አበባ ወጣች። ልጆቹ እስኪሰበሰቡ ተብሎ ቀብሩ ቅዳሜ ሆነ። ሣልስቱ ሰኞ ወጣ። አባቷ ታማሚ ናቸው። እሳቸውን የሚይዝ ሰው እስኪገኝ ሳምንቱን እዚያው ከረመች። በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ሥራዋ ላይ ተገኘች።

የሥራ ባልደረቦቿ ገንዘብ አዋጥተው ቤቷ ድረስ መጥተው አጽናንተዋታል። አለቃዋም ደጋግሞ ደውሎላታል። ደሞዟ ሙሉ ገባ። እሷም መሥሪያ ቤቷን አመስግና ዝም አለች።

ነገሩ የወጣው ለእናቷ ሰማንያ ደሴ ለመሄድ ፈቃድ ስትጠይቅ ነው። አምስት ዓመት ስለሠራች የዓመት እረፍቷ 18 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ ላይ አንድም ቀን አልወሰደችም ነበር። የሰው ኃይል ክፍል ግን የቀረሽ 10 ቀን ነው አላት። በለቅሶው ሰሞን የቀረችባቸው ስምንት የሥራ ቀናት በሙሉ ከዓመት እረፍቷ ላይ ተቀንሰዋል። ለምን ብላ ስትጠይቅ፣ "ድርጅቱ እኮ ተባብሮሻል፤ ደሞዝሽን አልቆረጥንም" የሚል መልስ ተሰጣት።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይቺ "ተባብሮሻል" የምትል ቃል ናት። ሰው ሲሞትብን ከሥራ የምንቀርባቸውን ቀናት አብዛኞቻችን የአለቃ ደግነት አድርገን ነው የምናያቸው። ደግ አለቃ ይሰጣል፣ ክፉ ይከለክላል ብለን ነው የምናስበው። የኢትዮጵያ ሕግ ግን እንደዚያ አይልም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 81 ለቤተሰብ ጉዳይ ስለሚሰጥ ፈቃድ ይናገራል። ሠራተኛው ሲያገባ፣ ወይም የትዳር ጓደኛው፣ ወላጁ፣ ልጁ፣ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዱ ሲሞት፣ ሦስት የሥራ ቀን ከሙሉ ክፍያ ጋር የማግኘት መብት አለው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ከዚህ አዋጅ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ይህንኑ ይል ነበር። ሕጉ አሠሪው "ሊፈቅድ ይችላል" አይልም። መብት ነው የሚለው። ስለዚህ ሦስቱ ቀናት የሠራተኛው ናቸው። አሠሪው ከፈለገ አምስት ወይም ሰባት ያደርጋቸዋል፤ ከሦስት በታች ግን ማውረድ አይችልም። በቅጥር ውል ላይ "የሐዘን ፈቃድ አንድ ቀን ነው" ተብሎ ቢጻፍና ሠራተኛው ቢፈርምበት እንኳ ያ መስመር አይሠራም።

እዚያው አንቀጽ ላይ ብዙ ሰው የማያውቃት ሌላ መስመር አለች። ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም ሠራተኛው እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ ማግኘት ይችላል ትላለች። ይህን ፈቃድ በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ መውሰድ የሚቻለው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ክፍያ የለውም። ግን ሥራን ያድናል። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን የጓደኛዬን ቀናት በዚህ ሕግ እንቁጠራቸው። ድርጅቷ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይሠራል። አርብ አንድ፣ ቅዳሜ ሁለት። እሑድ የሥራ ቀን ስላልሆነ አይቆጠርም። ሰኞ ሦስት። እነዚህ ሦስቱ ከእነ ክፍያቸው የሷ ናቸው፤ ከዓመት እረፍት ጋር ምንም የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ያሉት ደግሞ አምስት ተከታታይ ቀናት ናቸው። እናት ሞተው፣ አባት ታመው፣ ቤቱ ያለ ሰው ቀርቶ ይህ አሳሳቢ ካልተባለ ምን ይባላል? እነዚህን አምስት ቀናት ያለ ክፍያ መውሰድ ትችል ነበር። ደሞዟ እንዲቆረጥ ካልፈለገች ደግሞ ከዓመት እረፍቷ ላይ እንዲታሰቡላት መጠየቅ ትችል ነበር። እንግዲህ ከ18 ቀኗ ቢበዛ አምስት ይነሳ ነበር፤ 13 ይቀራታል። ድርጅቱ 10 ነው ያለው። መሀል ላይ የጠፉት ሦስት ቀናት ሕጉ የሰጣት የሐዘን ቀናት ናቸው።

በኔ እይታ ከሁሉም በላይ የተለመደው ጥፋት ይሄኛው ነው። ፈቃዱን ፊት ለፊት የሚከለክል አሠሪ ብዙም አላጋጠመኝም። በሞት ጊዜ "አትሂድ" ማለት በኛ አገር ከባድ ነው፤ ሰው ይታዘባል። ቀኑ ግን ይሰጥና በኋላ በወረቀት ተመልሶ ይወሰዳል። አንዳንድ ቦታ ክፋት የለበትም። የሰው ኃይል ሠራተኛው የሚያውቀው ፎርም አንድ ብቻ ይሆናል፤ በላዩ ላይ "የዓመት ፈቃድ" የሚል ታትሟል። ሐዘንተኛዋ ስትመለስ እሱን ፎርም ይሰጧታል። እሷም ዓይኗ እንዳበጠ ትፈርማለች። ስለዚህ ከለቅሶ ስትመለሱ የምትፈርሙት ወረቀት ላይ ምን ዓይነት ፈቃድ እንደተጻፈ አንብቡ። "የሐዘን ፈቃድ" የሚል ሳጥን ከሌለው በእጃችሁ ጻፉበት። ደሞዝ ተቆርጦባችሁ ከሆነ ደግሞ ጊዜው እንዳያልፍባችሁ። ያልተከፈለ ደሞዝን በፍርድ ቤት መጠየቅ የሚቻለው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ነው።

ጓደኛዬ ፍርድ ቤት አልሄደችም። ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ጻፈች። የሞቱን ቀን፣ የቀረችባቸውን ቀናት፣ የአንቀጹን ቁጥር አስቀመጠች። ከሥር የእድሩን ደብዳቤ አያያዘች። በሳምንቱ ሦስቱ ቀናት ተመለሱላት።

ስለ ማስረጃ ካነሳን አይቀር፣ ሕጉ ሠራተኛው አስቀድሞ እንዲያሳውቅና ሲጠየቅ ማስረጃ እንዲያቀርብ ይፈልጋል። ሞት አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ በተግባር "ማሳወቅ" ማለት በዚያው ጠዋት መደወል ወይም መልእክት መላክ ነው። መልእክት ይሻላል፤ ቀንና ሰዓቱ ተጽፎ ይቀራል። ራሳችሁ ካልቻላችሁ ባልደረባ ይላክላችሁ።

ምን ዓይነት ወረቀት ማምጣት እንዳለበት ግን አዋጁ አይዘረዝርም። የወሳኝ ኩነት የሞት ምስክር ወረቀት ጠንካራው ነው። ነገር ግን በገጠር የሞተ ሰው ሳይመዘገብ ይቀራል፣ ቢመዘገብም ወረቀቱ ጊዜ ይወስዳል። የእድር፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ብዙ ቦታ ይሠራል። የሚያስቸግረው ሞቱን ሳይሆን ዝምድናውን ማስረዳት ነው። የአባት ወገን ከስማችን ላይ ይነበባል። የእናት ወገን ግን አይነበብም። የጓደኛዬ እናት ስም መታወቂያዋ ላይ የትም የለም። የእናት አባት ሲሞቱ፣ ወይም በእናት ብቻ የሚገናኝ ወንድም ሲሞት፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ከሠራተኛው ስም ጋር በምንም አይገናኝም። ሥራ ስትቀጠሩ ለግል ማህደር የምትሞሉት የቤተሰብ ፎርም እዚህ ጋ ነው የሚጠቅመው። የእናትን፣ የእህት ወንድምን፣ የባል ወይም የሚስት ወላጆችን ስም ያኔ ያስመዘገበ ሰው በሐዘኑ ቀን አይከራከርም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ሁለተኛ ደረጃ ዘመድ ማን ነው?

ወላጅ፣ ልጅ፣ ባልና ሚስት ላይ ጥያቄ የለም። አያትና የልጅ ልጅም በቀጥታ መስመር ሁለት ትውልድ ስለሆኑ ይገባሉ። ወንድምና እህት በየትኛውም ቆጠራ ይገባሉ። በጋብቻ በኩል አማትና አማች፣ የባል ወይም የሚስት እህት ወንድምም አሉበት። የባለቤቱ ወንድም ሞቶ "እሱ ያንተ ዘመድ አይደለም" የተባለ ሰው አውቃለሁ። ስህተት ነው። ሕጉ የጋብቻ ዝምድናን በግልጽ ጠቅሷል።

ክርክሩ አጎትና አክስት ላይ ይጀምራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ራሱ ደረጃ እንዴት እንደሚቆጠር አይናገርም። አንዱ አቆጣጠር ከአንተ ተነስቶ እስከ ጋራ ወላጅ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ዘመድ ይወርዳል፤ እያንዳንዱን እርምጃ ይቆጥራል። በዚህ ከሄድን ከእኔ ወደ እናቴ አንድ፣ ከእናቴ ወደ አያቴ ሁለት፣ ከአያቴ ወደ አክስቴ ሦስት። አክስቴ ሦስተኛ ደረጃ ሆነች፤ ቀረች። ሌላው አቆጣጠር እኛ በቤት የምንቆጥረው ነው። ሰባት ቤት ስንል የምንቆጥረው ከጋራ አያት የሚወርደውን አንዱን መስመር ነው፤ የሁለቱን ወገን እርምጃ አንደምርም። በዚህ መንገድ ወንድምና እህት አንድ ቤት ናቸው፣ የአክስትና የአጎት ልጆች ሁለት ቤት። በዚህ ከተሄደ አክስት ትገባለች። አንድ አክስት፣ ሁለት መልስ።

ይህ የወረቀት ጨዋታ አይደለም። በኛ አገር በአክስት እጅ ያላደገ ሰው ጥቂት ነው። ከገጠር ለትምህርት መጥቶ አዲስ አበባ አክስቱ ቤት አሥር ዓመት የኖረ ልጅ፣ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ለቀስተኛ የሚቀበለው እሱ ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ ግን ከመጀመሪያው አቆጣጠር ከተነሳ ከአንድ ሩቅ ጎረቤት ለይቶ አያየውም። እዚህ ላይ ነው የድርጅት ፖሊሲ ቦታ የሚያገኘው። የሠራተኛ ማኅበር ባለባቸው ቦታዎች ይህን የሚዘጋው የኅብረት ስምምነት ነው። የደረጃ ቁጥርን ትቶ ዘመዶችን በስም ይዘረዝራል፦ አጎት፣ አክስት፣ አሳዳጊ፣ ለእያንዳንዱ ይህን ያህል ቀን ብሎ። ስምምነቱ የሚታደስበት ዓመት ሲደርስ ተወካዮቻችሁ "አሳዳጊ" የሚለውን ቃል እንዲያስገቡ ንገሯቸው። ማኅበር በሌለበት የውስጥ የሥራ ደንቡን ጠይቃችሁ አንብቡ። እዚያም ከሌለ ያላችሁ አማራጭ አምስቱ ያለ ክፍያ ቀናት ናቸው።

እነዚህ ቀናት ሥራን ያድናሉ ያልኩትም ለዚህ ነው። አዋጁ በስድስት ወር ውስጥ በጽሑፍ እየተጠነቀቀ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን የቀረን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ይፈቅዳል። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። መቅረቱ በአዋጁ ከተዘረዘሩት ፈቃዶች በአንዱ የሚሸፈን መሆን የለበትም። ለአክስቱ ቀብር ዝም ብሎ የጠፋ ሠራተኛ ቀሪ ነው። በጽሑፍ "ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ አጋጥሞኛል፣ ያለ ክፍያ ፈቃድ እጠይቃለሁ" ብሎ የሄደው ግን የሚከራከርበት ሕግ በእጁ አለ።

ሌላው ዝም የተባለበት ነገር መርዶ ነው። ሞት የሚደርሰን በሞተበት ቀን ላይሆን ይችላል። ፈተና ላይ ነች፣ አራስ ናት፣ አልተሻላትም እየተባለ ይደበቃል። አንዳንዴ ሳምንት፣ አንዳንዴ ወር ያልፋል። አዋጁ ፈቃዱን ዘመድ ከመሞቱ ጋር ያያይዘዋል እንጂ በስንት ቀን ውስጥ መወሰድ እንዳለበት አይወስንም። ስለዚህ "ሰውየው ከሞተ ወር ሆኖታል" የሚለው ብቻውን መከልከያ ሊሆን አይገባም። ማመልከቻው ላይ የሞቱን ቀንም፣ መርዶውን የሰማችሁበትን ቀንም ለየብቻ ጻፉ።

ሕመም ላይ ያለን ዘመድ ለማስታመም የሚሰጥ የተከፈለ ፈቃድ በዚህ አዋጅ የለም። የሕመም ፈቃድ ለሠራተኛው ለራሱ ሕመም ነው። እናቱ በመጨረሻዋ ሳምንት ላይ ላለች ሰው ያሉት ሁለት መንገዶች የዓመት እረፍትና እነዚያው አምስት ያለ ክፍያ ቀናት ናቸው። ለማስታመም ከተጠቀመባቸው ደግሞ ለሞቱ ከዓመቱ አንድ ዕድል ብቻ ይቀረዋል።

የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ሐዘንን ከሰርግና ከፈተና ጋር በግል ጉዳይ ፈቃድ ሥር አስቀምጦት ነበር፤ በበጀት ዓመት እስከ ሰባት ቀን። አሁን በአዲስ አዋጅ ተተክቷል፤ በክልል የምትሠሩም የክልላችሁን ማየት አለባችሁ።

የጓደኛዬ ወንድም ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። ለቀብሩ አልደረሰም። የሱን ነገር ስሰማ ገረመኝ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን አሜሪካ ይህ ነገር የተሻለ ይመስለናል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለቀብር ለቀረ ሠራተኛ ክፍያ አያስገድድም። በቤተሰብና በሕክምና ፈቃድ ሕጉ፣ መስፈርቱን የሚያሟላ ሠራተኛ በጠና የታመመ ወላጁን ለማስታመም በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ መውሰድ ይችላል። ወላጁ ሲሞት ግን ምክንያቱ አብሮ ያበቃል፤ ለሐዘን የተለየ ቀን የለውም። የቀረው በየክፍለ ግዛቱ ነው። ካሊፎርኒያ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምስት ቀን ሰጥታለች፤ አሠሪው እንዲከፍል ግን አይገደድም። ሜሪላንድ ውስጥ 15ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ፣ ሠራተኛው ያጠራቀመውን የተከፈለ ፈቃድ ለወላጅ፣ ለልጅ ወይም ለትዳር ጓደኛ ሞት እንዲጠቀምበት መፍቀድ አለበት። ወንድም እዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያጠራቀመው ፈቃድ የሌለው ሰውም የሚወስደው ነገር የለም። የጓደኛዬ ወንድም ሥራ ከጀመረ ሁለት ወሩ ነበር። የኢትዮጵያው ሦስት ቀን ግን አገልግሎት አይጠይቅም፤ ማጠራቀምም አያስፈልገውም።

ሆኖም የኢትዮጵያውም ሁሉንም አይሸፍንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሥራ መሪዎችን ከሥሩ አውጥቷቸዋል። ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ያለው ሥራ አስኪያጅ የአንቀጽ 81ን ሦስት ቀን በሕግ መጠየቅ አይችልም። የሱ ሐዘን ፈቃድ በቅጥር ውሉ ላይ የተጻፈው ነው። ካልተጻፈ የቦርዱ ፈቃድ ነው። ሹመት ሲሰጣችሁ ደሞዝና ነዳጅ ላይ ብቻ ተደራድራችሁ አትፈርሙ።

ሌላዋ የወጣችው የቤት ሠራተኛ ናት። አዋጁ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን አይሸፍንም፤ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ብሎ አልፎታል።

ጓደኛዬ ደሴ የነበረች ጊዜ ልጆቿን ይዛ የቆየችው አንዲት ልጅ ናት። ከወራት በኋላ የሷ አባት ወሎ ገጠር ውስጥ ሞቱ። መርዶውን የነገርናት እኔና ጓደኛዬ ነን። ስታለቅስ ቆይታ መጀመሪያ የጠየቀችው ነገር "እትዬ፣ ስንት ቀን ትሰጪኛለሽ?" የሚል ነበር። ጓደኛዬ ደብዳቤዋ ላይ የጻፈችውን የአንቀጽ ቁጥር አሁንም ታስታውሰዋለች። ለዚህች ልጅ ግን የሚያገለግል ቁጥር አልነበራትም። ከመኪና መውረጃው እስከ መንደሩ ግማሽ ቀን በእግር ነው። አሥራ አምስት ቀን ከእነ ደሞዝሽ አለቻት፣ መሳፈሪያም ሰጠቻት። ከዚያ ወረቀት አውጥታ ቀኑን ጻፈችው፣ ፈረመችበት፣ አንዱን ቅጂ ለልጅቷ ሰጠቻት።